ኮድ ዘጠኝ

አራት ዓመት ሙሉ ስታትስቲክስ ተምራ፣ ለሥራ ልምምድ ውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ስትመደብ መጀመሪያ እጇ የገባው መሣሪያ የስቴፕል መንቀያ ነበር። ቀጥሎ የቅሬታ ቅጽ ቁልል፣ ቀጥሎ ወረቀት ማኘክ የሚወድ ፎቶ ኮፒ ማሽን። ማታ እናቷ «ዛሬስ ምን ተማርሽ?» ስትላት፣ አኩርፋ «ስቴፕል መንቀል» ትላለች። እናትየው ትስቃለች፤ እሷን ግን አያስቃትም።

ሥራውን ያሳዩዋት የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ናቸው፤ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የሚውሉ፣ ሁሉም «እትዬ» የሚላቸው ሴት። ደንበኛው ቅሬታውን ቅጹ ላይ በገዛ እጁ ይጽፋል። ተለማማጇ ታነብና ኮምፒውተሩ ላይ ኮድ ትሰጠዋለች፦ አንድ ውሃ መጥፋት፣ ሁለት የቧንቧ ፍሳሽ፣ ሦስት ቆጣሪ፣ አራት የውሃ ጥራት። ከነዚህ አንዱም ያልሆነው ዘጠኝ ነው፤ «ሌላ»።

«ሳታነቢ ኮድ እንዳትሰጪ» አሏት። «ኮምፒውተሩ እንደሆነ ያልሽውን ነው የሚያምነው።»

እሺ አለች። እሺ ማለት ምን ይከብዳል!

የመጀመሪያውን ሳምንት አነበበች። በሁለተኛው ሰለቻት። የሰዉ ጽሑፍ ዶሮ የጫረው ይመስላል፤ ግማሹ በሰላምታ ይጀምርና ቁም ነገሩ ሦስተኛው መስመር ላይ ነው ብቅ የሚለው። ስለዚህ የመጀመሪያውን መስመር አየት ታደርግና፣ ውሃ ጠፋ ወይም ቧንቧ ፈነዳ ካላለ ዘጠኝን ትጫናለች። በቀን ሰማንያ ቅጽ ታስገባ የነበረችው መቶ አርባ ደረሰች። ቢሮው ሁሉ ጎበዝ አላት፤ እውነቱን ለመናገር ደስም ብሏት ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት እትዬ የገቡትን ቅጾች በሰፈር ለይታ፣ ለጥገና ክፍል ኮፒ አድርጋ ፋይል እንድታደርግ አዘዟት። እያጉረመረመች ጀመረች። ማሽኑ እስኪጨርስ ቆሞ መጠበቅ አለና፣ የምታየው ስታጣ ዓይኗ ሦስተኛው መስመር ላይ ወደቀ። «ውሃው ይሸታል።» ቀጣዩ ቅጽ፦ «ቡናማ ሆኖ ነው የሚወርደው።» ቀጣዩም እንደዚያው። ሁሉም ከአንድ ወፍጮ ቤት በታች ካሉት ሦስት መንገዶች ናቸው። ሰባተኛው ላይ እጇ ቀጥ አለ፦ «ልጄን ካስቀመጠው አራት ቀኑ ነው፤ ከውሃው ይሆን?»

ቆጠረቻቸው። አሥራ ሰባት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ከገቡ ሦስት ሳምንት አልፏል፤ ሰባተኛውም ከነዚያ አንዱ ነው። ኮምፒውተሩን ከፍታ አየች፤ አሥራ ሰባቱም ዘጠኝ።

ከአንድ ሰፈር በሳምንት አምስት ኮድ አራት ከተመዘገበ ላቦራቶሪው ውሃ ቀድቶ ይመረምራል፤ ደንቡ ይኸው ነው። ላቦራቶሪው ግን ከዚያ ሰፈር ያየው ባዶ ነበር። ስለ መረጃ ስህተት የተፈተነችውን ፈተና ከክፍሉ አንደኛ ሆና ነበር ያለፈችው፤ ስህተቱ እሷ ራሷ ልትሆን እንደምትችል ግን አንድም ቀን አስባ አታውቅም።

ዘጠኙን ቀስ ብላ አራት ልታደርገው ትችል ነበር። ማን ያያታል? የግምገማ ቅጿን እትዬ የሚሞሉት በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ነገር ግን ያለፉት ሳምንታት ሪፖርት ተዘግቷል፤ ዝም ብላ ብታርመው ወደዚያ ሰፈር የሚሄድ ሰው አይኖርም። ለራሷ ስትል ይህን ያህል ማሰቧም አሳፈራት። ቅጾቹን አቅፋ ሄደች።

«እትዬ፣ ሳላነብ ነው ያስገባሁት።»

እትዬ መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አገላበጡ። ቢቆጧት ይሻላት ነበር፤ አልተቆጧትም። ላቦራቶሪው ጋ ደውለው አሁኑኑ እንዲወጡ ከነገሩ በኋላ ስልኩን ወደ እሷ ገፉት።

«ቁጥራቸው ቅጹ ላይ አለ። ምርመራው እስኪያልቅ እንዳይጠጡት አንቺው ንገሪያቸው።»

መጀመሪያ የደወለችው ለሰባተኛው ቅጽ ባለቤት ነው። ላቦራቶሪው እንደሚመጣና እስከዚያ ውሃውን እንዳይጠጡት ስትነግራት የሴትዮዋ ድምፅ ፈካ።

«እግዜር ይስጥሽ የኔ እህት! ማንም አያነበውም ብለን ተስፋ ቆርጠን ነበር እኮ።»

ምርቃቱን ተቀብላ ስልኩን መዝጋት ትችል ነበር። ግን አልዘጋችውም።

«ወረቀትዎ ሦስት ሳምንት እኔ ጋ ነበር። ሳላነበው ነው ያለፍኩት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»



«ሦስት ሳምንት?» አለች ሴትዮዋ። «እኔ እኮ ዛሬ ጠዋትም ከዚያው ቀድቼ ነው ያጠጣሁት።»

«ልጁ አሁን እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀቻት፤ እስክሪብቶ አንስታም ሴትዮዋ ያለችውን አንድ ቃል ሳታስቀር ጻፈች።