በልጄ የምረቃ ምስጋና ሥር የጻፍኩት

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ለአንተ ለማታውቀኝ አንባቢ መንገር ይቀለኛል፤ ፊቴን አታየውም።

የቀወት ገበሬ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው፤ ለልጄ ለትዕግስትም አልነገርኳትም። ስትመረቅ ዲግሪዋን ተቀብዬ ስሟን ጮክ ብዬ ላነብላት ነበር አሳቤ። ምን ያደርጋል፣ የደረሰ ሽንኩርት ያዘኝና ቀረሁ። በእኔ ፈንታ ታናሽ ወንድሜ ደምሴ ሄደ። ሸዋ ሮቢት ያስተምራል፤ ሁለተኛ ደረጃን የተማረችውም እሱ ቤት ተቀምጣ፣ እሱው እያስተማራት ነው።

በስልኬ ፌስቡክ የከፈተችልኝ ራሷ ናት፤ «ፎቶ ታይበታለህ አባዬ» ብላ። ከፈትኩት፤ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ፦

«ፈጣሪ ይመስገን። ለዚህ ያበቃችሁኝ መምህሮቼ፣ ቤተሰቦቼና ጓደኞቼ፣ አንዱን ጠርቼ ሌላውን እንዳልረሳ ስም አልዘረዝርም። አመሰግናለሁ።»

መልካም፤ ስም የለም። ግን ከላይ፣ ከራሷ ስም ቀጥሎ «ከደምሴ ጋር» ይላል፤ ሲነኩት የእሱን ገጽ ይከፍታል። በፎቶው ላይ ጋዋኗን አልብሳው፣ ቆቧን ደፍታለት ይገለፍጣል። የእኔን ስም አላያያዘችውም። ለማያነብ ሰው ምን ሊያደርግለት? ደግሞ ደምሴ መምህሯም ቤተሰቧም ነው፤ ሁለቴ ተመሰገነ! እኔ አባቷ አንዴ፣ ያውም ከአክስቶቿ ጋር በጅምላ። ቀናሁ። በእናቴ ልጅ ቀናሁ።

ሥሩ ሰዉ «እንኳን ደስ አላችሁ፣ ጋሽ ደምሴ ልፋትዎን ቆጠረልዎ» ይላል። እኔም ፊደል በፊደል እየለቀምኩ ጻፍኩ፦ «ገረድ አርጎ ነው ያስተማረሽ።»

ውሸት ነው። ደምሴ ልጄን እንደ ልጁ ነው የያዛት። እያወቅሁ ጻፍኩ፣ እያወቅሁ ላክሁ።

የደምሴ ተማሪዎች ሳይቀሩ አነበቡት። ትዕግስት ምስጋናዋን ከነፎቶው አጠፋችው። እያለቀሰች ደወለች።

«አባዬ፣ ስልክህን ማን ነካው?»

ከጎኗ ደምሴ ይጮሃል፦ «ጋሼ የት ፊደል ያውቃል! ያ ስልኩን ቻርጅ የሚያደርግለት ሰይድ ነው!»

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ» አልኩ።

ደምሴ እንደተመለሰ ሰይድን በገበያ መሃል ሌባ፣ ባለጌ እያለ አዋረደው። ሰይድ «ወላሂ አልነካሁም! አንቱ እንኳ ይናገሩ እንጂ!» አለ፣ ወደ እኔ ዞሮ። ስልኬን ኪሴ ውስጥ ጨብጬ ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲያ ሰይድ ቻርጅ ሊያስደርግ ስልክ የሚያስቀምጥበት ሰው አጣና ሱቁን ዘጋ።

ዛሬም የቀበሌ ወረቀት ሲመጣ ደምሴ አውራ ጣቴን ይዞ ቀለሙ ላይ ያሳርፍልኛል። ስሜን መጻፍ እየቻልኩ እፈርማለሁ አልልም። እንዴት ልበል?

ቅናት ነው ያሳሳተኝ ልበል? አልልም። ፊደሎቹን አንድ በአንድ የለቀምኳቸው እኔ ነኝ። ይህንንም በገዛ እጄ ጻፍኩት፤ መጻፍ እንደምችል ይወቁት። ልጄ ስም አልዘረዘረችም፤ እኔ እዘረዝራለሁ። ሰይድ። ደምሴ። ትዕግስት። የጻፍኩት እኔ ነኝ።