ለቅሶ ቢገጥምዎ ቀብዱ ይመለሳል

እናቴ ምግብ ቤቷን የከፈተችው አባቴ በሞተ በዓመቱ ነው። ፒያሳ፣ ከአንድ የጨርቅ ሱቅ በላይ፣ ደረጃው ጠባብ የሆነ ፎቅ ተከራየች። ሥጋችን በሙስሊም እጅ የታረደ ስለነበር ደንበኞቻችን አብዛኞቹ የሙስሊሞቹ ሰፈር የአዲስ ዓለም ነጋዴዎችና ቤተሰቦቻቸው ነበሩ፤ ከመተማ የሚመለሱ ሾፌሮችም ይመጡልን ነበር። ሌላ መተዳደሪያ አልነበረንም። ያ ቤት ከተዘጋ እናቴ ወንድሟ ቤት ገብታ የሰው ፊት እያየች መኖር ነበረባት፤ እሱን ደግሞ ከሞት ለይታ አታየውም ነበር።

ሊያዘጋን የደረሰው የገበያ እጦት አልነበረም። ጠረጴዛ አስይዘው የሚቀሩ ሰዎች ናቸው። ሞባይል በየሰው ኪስ ከገባ ወዲህ፣ ሰው ሦስት ቦታ ይደውልና ሦስቱንም ያስይዛል፤ ከዚያ እግሩ ወዳመራው ይሄዳል። አንድ የኢድ ቀን አንድ ሰውዬ ትልቁን ክፍል ለቤተ ዘመዱ አስያዘ። በግ ታረደ፣ ሠራተኛ ተጨመረ። ቦታ አጥተው ደረጃው ላይ የቆሙ ቤተሰቦችን ይቅርታ እያልን መለስን። ሰውየው አልመጣም፤ ስልኩም አይነሳም። በሳምንቱ መንገድ ላይ አግኝቶን እየሳቀ ሰላም አለን። እናቴ የልጆቹን ጤና ጠየቀችው። እኔ ብሆን ሌላ ነገር ነበር የምጠይቀው።

በዚህ ሁኔታ ቀብድ መቀበል ጀመርን፤ ያውም በርከት ብለው ለሚመጡ ብቻ። እናቴ ሞት ሞት አላት። እንግዳ ገና ሳይቀመጥ፣ እጁን እንኳ ሳይታጠብ፣ ገንዘብ አምጣ ማለት ለእሷ ነውር ነው። ስለዚህ ነገሩን ፊት ለፊት ከመናገር በስልክ መልእክት ማድረስ ይሻላል ተባለ፤ ቀብዱ ሲገባ ማረጋገጫ ይላክና ደንቡ እዚያው ላይ ይጻፋል። የመጀመሪያውን የጻፈው ወንድሜ ነው። የዕቃ መደብር ውስጥ ይሠራ ስለነበር ከደረሰኝ ግርጌ ያለውን ገልብጦ አመጣው፦ «ማሳሰቢያ፦ የተከፈለ ቀብድ በምንም ምክንያት አይመለስም። በሰዓቱ ካልተገኙ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።»

መልእክቱ ከደረሳቸው አንዱ የድሮ አስተማሪ ነበሩ። ወዲያው ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ምነው? ምን አጠፋሁ?» አሉኝ። «ከፖሊስ ጣቢያ የተላከብኝ መስሎኝ እኮ ደነገጥሁ።»

እየሳቁ ነው ያሉት። ግን ሌላ ቤት ሄደው በሉ፤ ወሬውም ከእሳቸው ቀድሞ ከተማውን ዞረ።

ያኔ እናቴና እኔ ከገንዘብ መቀበያው ኋላ ተቀምጠን እንደ አዲስ ጻፍነው። እሷ ትላለች፣ እኔ ስልኩ ላይ እጽፋለሁ። መጀመሪያ ደስ የሚለውን እንበላቸው አለች፤ ስለዚህ ምስጋናውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የሰዉን ብዛት፣ «ጠረጴዛዎ ተይዞልዎታል» የሚለውን አስቀደምን። ከዚያ ቀብዱ መድረሱንና ከሒሳቡ ላይ የሚቀነስ መሆኑን ጻፍን። ይህ ወንድሜ የረሳው ነገር ነበር፤ ሰዎቹ ገንዘቡ ለቦታው ብቻ የሚከፈል ይመስላቸው ነበር። ቀጥሎ፣ ሐሳባቸው ቢለወጥ እስከ ዋዜማው ስድስት ሰዓት ቢደውሉ ሙሉውን እንደምንመልስ፣ ጠረጴዛውንም ከቀጠሮው በኋላ ግማሽ ሰዓት እንደምንጠብቅ።

«ካልመጡ» የሚለው ላይ ስደርስ እጄን ያዘችኝ።

«ካልመጡ አትበይ፤ ማሟረት ነው። ለሚመጣ ሰው ካልመጣህ ይባላል?»

ብዙ ተነታርከን «ሳይደውሉልን ቢቀሩ ቀብዱ ለተዘጋጀው ምግብ ይውላል» አልን። ቅጣት ቅጣት አይሸትም፤ ገንዘቡ የት እንደሚሄድም ይናገራል። አሁንም ድረስ በዚያ ቃል እኮራለሁ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብን።

እናቴ ግን ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። «ሰው ቢሞትበትስ?» አለች። «ለቅሶ ላይ የተቀመጠ ሰው ምግብ ቤት ይደውላል?»

«እሱማ የታወቀ ነው፤ ማን ይጠይቀናል» አልኋት።

«የታወቀ አይደለም። ወንድምሽ በምንም ምክንያት አይመለስም ብሎ ጽፎ ሰው ሁሉ አይቶታል። አሁን ካልጻፍንላቸው ጨካኝ ነን።»

ክርክሯ ልክ ነበር። «ለቅሶ ቢገጥምዎ ቀብዱ ይመለሳል» ብዬ ከመጨረሻው ላይ ጨመርሁ። «ካልመጡ» የሚለውን የፈራች ሴት ይህን እንዴት አልፈራችም ብዬ ስንት ጊዜ አስቤአለሁ። እሷ በዚያ መስመር ውስጥ ያየችው ምሕረቱን ብቻ ነው።

ወር ሳይሞላ ትልቁ ሥራ መጣ። የአዲስ ዓለም ጨርቅ ነጋዴ የሆኑ አንድ ሐጂ የሴት ልጃቸውን የኒካህ ምሳ ለማብላት ፎቁን በሙሉ ያዙ። የዚያን ግማሽ ዓመት የቤት ኪራይ የምንከፍለው ከዚያ ምሳ ነበር፤ አከራያችንም ሌላ ተከራይ እንዳዘጋጀ ነግሮናል። ሐጂው ቀብዱን ራሳቸው አምጥተው በእናቴ እጅ አኖሩ። እኔም መልእክቱን ላክሁላቸው።

ሐጂው ቁርኣን በዐረብኛ ይቀራሉ እንጂ የአማርኛ ፊደል አይለዩም ነበር። ስልካቸውን ለሙሽራዋ ሰጧት። ሴቶቹ ለሠርጉ እህል ሊያበጥሩ ተሰብስበው በተቀመጡበት፣ ልጅቱ ጮክ ብላ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ወዲያው አክስቷ በአባቷ ስልክ ደወለችልን። እናቴ ናት ያነሳችው፤ የሴትዮዋ ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር።

«ምነው እቴ? ልጅ ልንድር ነው እኮ የመጣንብሽ። ለቅሶውን ከየት አመጣሽው?»

እናቴ ልታስረዳ ሞከረች፤ ለአዘነ ሰው አስበን ነው አለች። ማስረዳቱ ነገሩን አባሰው። በመጨረሻ ሐጂው ስልኩን ተቀብለው «ተይው፣ ክፉ አላሰባችሁም፤ ምሳውን በቀኑ አድርሱልን» ብለው ዘጉት። እናቴ መስመሩን አጥፊው አለችኝ፣ አጠፋሁት። ከዚያ በኋላ ለማንም አልተላከም።

ሠርጉ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው የሐጂው ታላቅ ልጅ ከመተማ ሰሊጥ ጭኖ ሲመጣ መኪናው ተገለበጠና ሞተ።

የሆነውን ከመናገሬ በፊት ያንን ከተማ ምን ያህል እንደምወደው ልናገር፤ ምክንያቱም ያን ሳምንት ጠልቼዋለሁ። ስኳር ልገዛ የገባሁበት ሱቅ ውስጥ ባለሱቁ ለሐጂው የላክነውን መልእክት ከስልኩ ላይ ለአንዲት ሴት ሲያነብላት ደረስሁ። ማን እንደላከለት አላውቅም። ሲያየኝ ስልኩን ኪሱ ከተተ፤ ስኳሩን ሲመዝንልኝ ቀና ብሎ አላየኝም። ሌሎች ያስያዙትም አንድ በአንድ እየደወሉ ቀብዳቸውን ጠየቁ፤ ምክንያት የነገረን የለም።

እናቴ የሐጂውን ቀብድ ይዛ ለቅሶ ቤት ልትሄድ ተነሳች። ገንዘቡ ለምሳው ቅቤና በርበሬ ወጥቶ ስለነበር ከወንድሟ ተበድራ ነው የሞላችው። «አሁን አትውሰጂው፣ ቢያንስ ሐዘኑ ይውጣ» ብዬ ለመንኋት።

«የጻፍሁትን ካልፈጸምሁ ምን ሰው ነኝ» አለች።

ሴቶቹ ወደተቀመጡበት ክፍል ስንገባ ከምንጣፉ ላይ ፈቀቅ፣ ፈቀቅ አሉልን። ቦታ የለቀቁልን መስሎኝ ነበር፤ ከተቀመጥን በኋላ ግን ማንም ተመልሶ አልተጠጋንም። የሙሽራዋ አክስት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሙሽራዋ ጥግ ላይ ነበረች፤ እጇ ለሠርጉ ሂና ተደርጎለት ስለነበር ነጠላዋ ውስጥ ደብቃዋለች።

ሐጂው መምጣታችንን ሰምተው እናቴን ወደ ግቢው አስጠሯት። እኔም ተከተልሁ። «አላህ ያጽናዎ» ብላ ገንዘቡን የቋጠረችበትን መሐረብ ዘረጋችላቸው። እጃቸውን አልዘረጉም።

«እቴ» አሏት፣ በለሆሳስ፣ «እውነቱን ንገሪኝ። ያችን ነገር ባትጽፊያት ኖሮ፣ ልጄ ሞቶብኝ ገንዘቤን ትከለክይኝ ነበር?»

«አልከለክልዎትም ነበር።»

«እኔም አውቃለሁ። እዚህ አገር ያለ ሁሉ ያውቃል። ታዲያ ለምን ጻፍሽው?»

እናቴ መሐረቡን ይበልጥ አስጠጋችላቸው።

«አንቺን አልወቅስም» አሉ። «የልጄን ቀን የቆረጠው አላህ ነው። ግን ያነበበችው እህቱ ናት። ይህን ገንዘብ ከተቀበልሁ፣ እንደተጻፈው ሆነ ማለት ነው። ለእሷ ምን ብዬ እነግራታለሁ?»

መሐረቡን እንደቋጠረች ተመለሰች። ቤት ልታስቀምጠው አልቻለችም፤ ለብድሯም አልከፈለችበትም። አርብ ቀን በሟቹ ስም ሰደቃ ብላ መስጊድ በር ላይ ለነበሩት ችግረኞች አከፋፈለችው። የከተማው ሰው ይህንንም አየ። «የደም ዋጋ ከፈለች» ተባለ። ምንም ባትሠራ ኖሮ ደግሞ በላችው ይባል ነበር፤ ይህን ስነግራት ዝም በይ አለችኝ።

ቀጣዩ ኢድ ሳይደርስ ቤቱን ለቀቅን። ጠረጴዛዎቹን አንድ ባለካፌ ወሰዳቸው። እናቴም አጎቴ ቤት ገባች፤ የምትፈራው ሁሉ፣ ከጠበቀችው ባልተናነሰ፣ ደረሰባት። የአጎቴ ሚስት ክፉ አይደለችም፤ ግን እንጀራ ስታቀርብ የምታስቀድማቸውና የምታስከትላቸው ሰዎች አሉ። እናቴ ሰው «ያ መልእክት…» ብሎ በጀመረ ቁጥር «እኔ ማንንም አልገደልሁም» ትል ነበር። ይህንን ሳትታክት፣ ሳታለቅስ፣ ለዓመታት ተናገረች። ከእጇ ያልወጣ ብቸኛ ነገር ያ ቃል ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ያች ሙሽራ መጣች። ኒካሁ በኋላ ያለ እልልታ ታስሮላት፣ አሁን ልጅ አዝላለች። እናቴ ተነስታ ቦታዋን ሰጠቻት። ልጅቱ አልተቀመጠችም።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁ» አለች። «ለባሌ ብነግረው ይስቅብኛል፤ አባቴን መጠየቅ አልችልም።»

«ጠይቂኝ ልጄ።»

«ያን ቀን አክስቴ ገና መጀመሪያው ላይ በቃሽ ብላኝ ነበር። እኔ ነኝ እስከ መጨረሻው ያነበብሁት። ጮክ ብዬ። ከአፌ ባይወጣ ኖሮ ወንድሜ ይተርፍ ነበር?»

ቃል እንዲህ ሰው አይገድልም፣ ሞኝ አትሁኚ ልላት አፌን ከፈትሁ። እናቴ ቀደመችኝ። የልጅቱን ፊት በሁለት እጇ ይዛ፣ እኔን ሳታየኝ ተናገረች።

«አንቺ ምን አደረግሽ ልጄ? አንቺ ያነበብሽው እኔ የጻፍሁትን ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። ከአንቺ ላይ ይውረድ።»

ልጅቱ እናቴ ትከሻ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እናቴ እኔ ማንንም አልገደልሁም ስትል ከዚያ ቀን በኋላ ሰምቻት አላውቅም።