ለሚመለስ ሰው የተገዛ ጃኬት

በደርግ ጊዜ ባለቤቴ መተማ መምህር፣ እኔ ጤና ጣቢያው ውስጥ ረዳት ነበርን። ወደ ሰሜን ሊዘምት ሲል ገበያ ወጥቶ አንድ ጥቁር የቆዳ ጃኬት ለካ። በዚያ ሙቀት ጃኬት ሲለብስ ያየው ሁሉ ሳቀበት።

"ሳቁ! ዳባት ብርዱ ውስጥ ስገባ እንገናኛለን" አለ። ዳባት አገሩ ነው። ሳይገዛው ሄደ።

ድምፁ ሲጠፋብኝ ጃኬቱን ገዝቼ ልጠብቀው ብዬ ተነሣሁ። ከቆዳ ሰፊ ቤት የተወለደች አዋላጅ ባልደረባዬ አብራኝ መጣች። ጃኬቱ አሁንም ተሰቅሏል። ከድንበሩ ማዶ፣ ከገላባት ዕቃ የሚያመጡት ሽማግሌ ነጋዴ አውርደው ሰጡኝ።

"ንጹሕ ጅልድ፣ ንጹሕ ቆዳ ነው ልጄ፣ አሽትቺው።"

እውነትም ቆዳ ቆዳ ይሸታል። ጓደኛዬ ግን "ሽታው አያስተማምንም" አለች። "የቆዳ ፍርፋሪ ፈጭተው በሙጫ ሲያጣብቁትም ይሸታል።" የውስጥ ኪሱን ስፌት ገለጥ አድርጋ የተቆረጠውን ጠርዝ አሳየችኝ። ከላይ እንደ ቀለም ያለ ስስ ሽፋን፣ ከሥሩ እንደ ካርቶን የተጠቀጠቀ ብናኝ፣ ከዚያ ጨርቅ። ጀርባው ላይ ያለው መስመርም ልክ እንደ ማኅተም ራሱን ይደጋግማል።

ሽማግሌው አዘኑ። "እኔም እንደ ቆዳ ነው የገዛሁት" ብለው አንድ ቡናማ አወጡ። የዚህ ጠርዝ ከላይ እስከ ታች እንደተጠላለፈ ፀጉር ነው። በአውራ ጣቴ ስጫነው ዙሪያው ደቃቅ ሽብሽብ ያወጣና መልሶ ይለሰልሳል። ትከሻው ላይ ከብቱን እሾህ የጫረው ጠባሳ አለ።

እኔ ግን እጄን ከጥቁሩ ኪስ ማውጣት አቃተኝ። የእሱ እጅ የገባበት ኪስ ነው።

"እኅቴ፣ በዚህ ሙቀት ተሰቅሎ ከከረመ ይላጣል" አለችኝ ቀስ ብላ። "እሱ መቼ ነው የሚመጣው?"

አላውቅም። ስለማላውቅ ቡናማውን ገዛሁ።

አንሶላ አልብሼ ሰቀልሁት። ክረምት ሲመጣ ሻጋታውን በደረቅ ጨርቅ እጠርጋለሁ፣ ትንሽ ቅባት እቀባዋለሁ። ከደጋ የእርሻ ሠራተኛ የጫነ መኪና በኮኪት በኩል በመጣ ቁጥር፣ እሱ ይኖርበት እንደሆነ ብዬ ደጅ እወጣለሁ። ባዶውን እጅጌ ይዤ የቆምሁበት ቀን ብዙ ነው።

ከዓመታት በኋላ በሕመም ተሰናብቶ መጣ። ጃኬቱን ሳለብሰው፣ በጣም ከስቶ ኖሮ ትከሻው ወርዶ እጅጌው ጣቶቹን ዋጠ። ፊቴን አዙሬ አለቀስሁ። ልብስ ሰፊ ዘንድ ወሰድነው።

"ማጥበቡን አጠብበዋለሁ" አለን ሰፊው፤ "ግን ቆዳ መርፌ የበሳውን አይደፍንም። ኋላ ላስፋው ብትሉ ቀዳዳው ይታያል።"

ባለቤቴ ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

"እንግዲያ አትንካው፤ እኔ እወፍርበታለሁ።"

ዳባት ስንገባ ከሥሩ ሁለት ሹራብ ደርቦ ለበሰው።