ስም ያልነበረው ረድፍ

የእሱን ስም ለምን ጻፍኩ? እስካሁን አላውቅም።

ቢቸና ጤና ጽሕፈት ቤት ሳለሁ፣ የስብሰባውን ነጭ ሰሌዳ በስልኬ ፎቶ አንስቼ ወደ ሠንጠረዥ የምገለብጠው እኔ ነበርኩ፦ ሥራ፣ ፈጻሚ፣ የመጨረሻ ቀን። አንድ ቀን «የክትባት ፍሪጅ ማስጠገን፣ እስከ ዓርብ» ከሚለው አጠገብ ስም አልነበረም። መጠየቅ ሲገባኝ፣ ሞጣ የእናቱ ለቅሶ ላይ የተቀመጠውን የባልደረባዬን ስም ሞላሁበት። በስተርጅና ስማር ኮምፒውተር ያስለመደኝ እሱ ነው።

አለቃችን ሠንጠረዡ ላይ ፈረመ። ፍሪጁ ሳይጠገን ቀርቶ ሰኞ ክትባቱ ተበላሽቶ ተገኘ። ባልደረባዬም ከለቅሶ ሲመለስ ከኃላፊነቱ ተነስቶ ወደ ሩቅ ጤና ኬላ ተመደበ።

ከሁለት ዓመት በኋላ መናኸሪያ አግኝቼው ስሙን የጻፍኩት እኔ መሆኔን ነገርኩት።

«አውቃለሁ፣ ተማሪዬ» አለኝ። «የሰሌዳውን ፎቶ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ለጥፈሽው የለ? ስሜ እንደሌለበት ለአለቃው ባሳየው፣ ‹የተፈረመው ሠንጠረዡ ነው› አለኝ። አንቺን ግን እስክትነግሪኝ ስጠብቅሽ ነበር።»