ሰማንያ ቀን ያልሞላት እህቴ

ልጅ ሳለሁ፣ የዶሃ ሙቀት ረገብ በሚልባቸው ወራት፣ በአገሩ የዕረፍት ቀን፣ ዓርብ፣ ከቅዳሴ ስንመለስ በተከራየነው ቤት ጓሮ ከሰል ይቀጣጠል ነበር። አባቴ የአውሮፕላን ሞተር መሐንዲስ፣ እናቴ ነርስ ነበሩ። ጓሯችን ሰፋ ስለሚል የምናውቃቸው ሐበሾች ልጆቻቸውን ይዘው እኛ ጋ ይመጡ ነበር። የበቆሎ ጥብሱ ተበልቶ አልቆ፣ ፍሙ አመድ መልበስ ሲጀምርና ፀሐይዋ ከግንቡ ጀርባ ስታዘቀዝቅ፣ ሁላችንም መሪጌታ ወልደ ሩፋኤልን ከብበን እንቀመጣለን።

መሪጌታ አገር ቤት ሳሉ ቅኔና ዜማ ያስተማሩ ሰው ነበሩ። ዶሃ ላይ ግን መዲናት ኸሊፋ ሰፈር ካለ አንድ ቤት ሾፌር ሆነው የአሠሪያቸውን፣ የማዳምን፣ ልጆች ያመላልሳሉ። በሳምንቱ ውስጥ «ያላ መሪ! ያላ!» እየተባሉ የሚጣደፉት ሰው ዓርብ ከሰዓት በኋላ የኔታ ይሆኑልን ነበር። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው፤ ሲተርኩ እጃቸውን ወደ ፍሙ ዘርግተው ነው። ያኔ እኔ ዐሥር ዓመቴ ነበር፤ ከተረቶቻቸው ሁሉ አብልጬ የምወደው የአዳምን ነበር።

«አንድ ሰው ነበር» ይሉ ነበር፣ «በገዛ ጥፋቱ ከንጉሥ ግቢ የተባረረ። ሄዶ ሄዶ ውኃው መራራ፣ አየሩ በሽታ የሆነ አገር ገባ። እዚያ ልጆች ወለደ። ልጆቹ ንጉሡን አልበደሉም፤ ችሎት ፊት አልቆሙም። ነገር ግን ዓይናቸውን የገለጡት በዚያ አገር ነው፤ የሚጠጡት ያንኑ ውኃ፣ የሚታመሙት ያንኑ በሽታ ነው። መጨረሻቸው ሞት መሆኑን ስለሚያውቁም ይፈራሉ፤ ስለሚፈሩም ይሰርቃሉ፣ ይዋሻሉ፣ ይገዳደላሉ። ከአባታቸው የወረሱት ወንጀሉን አይደለም፤ ሞቱን ነው።»

ከእለታት አንድ ቀን የእናቴ የሥራ ባልደረባ ማሪሴል ይህን ተረት ሰማች። ማሪሴል ፊሊፒናዊት ካቶሊክ ናት፤ የእሷም ቤተክርስቲያን የእኛም መሰብሰቢያ ከከተማው ዳር በአንድ አጥር ውስጥ ስለነበሩ አንዳንድ ዓርብ ከእኛ ጋር ትመጣለች። እናቴ የተረጎመችላትን ሰምታ ማሪሴል፣ «እኛ ዘንድ ግን እንዲህ አይደለም የተማርነው» አለች። «አዳም ሲወድቅ ሁላችንም በእሱ ውስጥ ወድቀናል። ሕፃን ሲወለድ በነፍሱ ላይ የመጀመሪያው ኃጢአት አለ፤ የሚነሣለት በጥምቀት ነው።»

መሪጌታ አልተቆጡም። እንዲያውም ደስ ያላቸው መሰለኝ፤ እንዲህ ያለ ክርክር ከናፈቃቸው ቆይቷል። «ልዩነቱ ከአንዲት ሐረግ ይጀምራል» አሉ፣ በእንጨት ፍሙን እየገለጡ። «ሐዋርያው ለሮም ሰዎች በጽርዕ፣ በግሪክኛ፣ ሲጽፍ፣ ሞት ለሰው ሁሉ ደረሰ፣ ሁሉም በድለዋልና፣ የሚል ነገር ጻፈ። ወደ ላቲን ሲተረጎም ግን፣ ሁሉ በእርሱ በደሉ፣ ተብሎ ተነበበ፤ በእርሱ ማለት በአዳም። በሰሜን አፍሪካ የነበረ አንድ ታላቅ የላቲን ሊቅ ይህን ይዞ፣ የሰው ዘር ሁሉ በአዳም አብራክ ሳለ አብሮት በደለ፣ ስለዚህ ሕፃንም ጥፋተኛ ሆኖ ይወለዳል አለ። ሳይጠመቅ የሞተ ሕፃን ፍርዱ ከሁሉ የቀለለ ቢሆንም ፍርድ አለበት እስከ ማለት ደረሰ። በምሥራቅ ያሉት አባቶች ያንን አላሉም። እኛም ጥንተ አብሶ፣ የመጀመሪያው በደል፣ እንላለን፤ ሊቃውንቶቻችንም በትርጉሙ ብዙ ተሟግተዋል። እኔ ከመምህሬ የተቀበልኩት ግን ይህ ነው፤ ባሕርያችን ታመመ፣ ሞት ገዛን እንጂ የአዳም ጥፋት የእኛ ጥፋት ሆኖ አልተጻፈብንም።»

«ታዲያ ሕፃናትን ለምን ታጠምቃላችሁ?» አለች ማሪሴል።

«የእግዚአብሔር ልጆች እንዲሆኑ ነዋ! ጥምቀት ወንጀል ማጠቢያ ብቻ አይደለም፤ መወለጃ ነው።»

እሷም ፈገግ ብላ፣ የእሷ ቤተክርስቲያንም ዛሬ ሕፃኑ ራሱ ኃጢአት ሠራ እንደማትል፣ ከአዳም የጎደለውን ጸጋ ጎድሎት ይወለዳል እንደምትል አስረዳች። «ሴት አያቴ ግን ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናት ሥቃይም የእግዚአብሔር ፊትም የሌለበት ቦታ ይኖራሉ ትለን ነበር» አለች። «አሁን ካህናቱ ለምሕረቱ እንተዋቸው፣ ተስፋ እናድርግ ይላሉ። እኔ ግን እንደ አያቴ እፈራለሁ።» ያኔ ለእኔ ይህ ሁሉ ጨዋታ ነበር። እናቴ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ትሰማለች።

እህቴ ጊዜዋ ሳይደርስ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተወለደች። ከመስታወት ሣጥን ውስጥ በቱቦዎች መሐል ተኝታ ነው ያየኋት፤ ቆዳዋ ስስ፣ ጣቷ የክብሪት እንጨት የሚያክል። በእኛ ሥርዓት ሴት ልጅ የምትጠመቀው በሰማንያ ቀኗ ነው። ሕፃን ለሞት የሚያሰጋ ሕመም ከያዘው ግን ቀን አይጠበቅም፤ ካህን መጥቶ በእፍኝ ውኃም ቢሆን ያጠምቃል። ካህን ግን የለም። የእኛ ቄስ ለቪዛ ጉዳይ አገር ቤት ሄደው ገና አልተመለሱም። መሪጌታም ክህነት አልነበራቸውም።

በሃያ ሦስተኛው ቀን ጠዋት ሐኪሙ ሳንባዋ እየደከመ መሆኑን ተናገረ። አባቴ ለሥራ ባሕር ማዶ ነበር፤ የተሳፈረበት አውሮፕላን የሚያርፈው ማታ ነው። እናቴ መሪጌታ ዘንድ ደወለች። እሳቸውም በዚያው አጥር ውስጥ የሚያገለግሉ፣ ከእኛ ጋር በእምነት አንድ የሆኑ ሕንዳዊ የኦርቶዶክስ ካህን አገኙ፤ ካህኑም ወዲያው እሺ አሉ። «አይዞሽ ልጄ፣ በዘጠኝ ሰዓት እኔው ራሴ ይዣቸው እመጣለሁ» አሏት መሪጌታ። የስልኩ ድምፅ ማጉያ ተከፍቶ ስለነበር ከጎኗ ተቀምጬ ሰምቻለሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ማሪሴል የዚያ ክፍል ነርስ ባትሆንም ከፈረቃዋ ወጥታ አብራን ተቀምጣለች። ሁኔታውን ስታይ የእናቴን እጅ ያዘች።

«እኛ ዘንድ ካህን ከሌለ ማንም ማጥመቅ ይችላል» አለቻት። «ውኃና የሥላሴ ስም ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ፍቀጂልኝ፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።»

«ቄሱ መንገድ ላይ ናቸው» አለች እናቴ። «በሥርዓታችን በካህን እጅ ትጠመቅ።»

መሪጌታ ዘንድ ደወለች። «ደረስን፣ ደረስን» አሏት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደገና ደወለች። «ትንሽ ነው የቀረን!» ማሪሴል ሁለተኛ ጠየቀች፤ እናቴ አሁንም በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች፤ በዚህኛው ግን ዓይኗን ከበሩ ላይ አላነሣችም። እኔ ወደ በሩ እየሮጥኩ አያለሁ፤ አሳንሰሩ ይከፈታል፣ የማላውቃቸው ሰዎች ይወጣሉ። ከዚያ የመሣሪያው ድምፅ ተለወጠ። ነርሶች ሮጡ። ማሪሴል በዚያን ጊዜ ሦስተኛ አልጠየቀችም፤ ብድግ ብላ ወደ ክፍሉ ሄደች፤ ግን ሐኪሞቹ ሣጥኑን ከብበው ስለነበር ማንም ወደ ውስጥ አላስገባትም። እጇ ላይ ውኃ የያዘች ትንሽ የወረቀት ኩባያ ነበረች። የእህቴን መሞት ሲነግሩን እዚያው በሩ ላይ ቆማ ነበር።

መሪጌታና ካህኑ የደረሱት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሊሞላ ሲል ነው። ካህኑ ጥቁር ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ትንሽ ቦርሳ ይዘው ገቡ፤ የእናቴን ፊት ሲያዩ ቦርሳዋን ቀስ ብለው ወለሉ ላይ አስቀመጧት።

የሆነውን መሪጌታ ራሳቸው ናቸው የነገሩን፤ ማንም ሳይጠይቃቸው። ካህኑን ሊወስዱ ሲወጡ ማዳም ደውላ ጠራቻቸው፤ እሷን ገበያ አደረሱ፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አመጡ፣ ደግሞ መሐል ከተማ፣ ሙሸይሪብ ድረስ ላከቻቸው። «ሕፃን እየሞተች ነው ልላት አፌ ድረስ መጣ» አሉ። «ከዚህ በፊት አንዱን ሾፌር መልስ ሰጠህ ብላ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ኢቃማውን፣ አሰርዛ ወደ አገሩ ሰድዳዋለች። ፈራሁ። ለካህኑም በታክሲ ይሂዱ ማለት እችል ነበር፤ አንዲት ቃል ነበረች። ዘገየሁ ማለት አፈርኩና ደረስን፣ ደረስን አልኩ። ዋሸሁሽ ልጄ!»

እናቴ አልተቆጣቻቸውም። ብትቆጣቸው ይሻላቸው ነበር ብዬ ዛሬም አስባለሁ። የጠየቀቻቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። «አሁን የት ናት፣ መሪጌታ?»

«ንጽሕት ናት» አሉ። «በደል የለባትም። ሕመማችንን ወረሰች እንጂ ጥፋታችንን አልወረሰችም።»

«እንግዲያው ፍትሐት ታደርጉላታላችሁ?»

መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ። በእኛ ዘንድ ላልተጠመቀ ፍትሐት አይደረስም፤ ይህን እናቴም ታውቃለች። «ፍትሐት ከኃጢአት መፍቻ ነው» አሉ ቀስ ብለው፤ «እሷን ከምኑ እንፈታታለን?» መልሱ ትክክል ነበር። ግን ማንንም አላጽናናም፤ ለራሳቸውም አልበቃቸውም። ማሪሴል በበኩሏ ግድግዳው ሥር ተቀምጣ፣ መጠየቅ ሳያስፈልጋት ማድረግ ነበረብኝ እያለች ራሷን ትወቅሳለች። ያንዷ ትምህርት ሕፃኗ ጥምቀት የግድ ያስፈልጋታል ይላል፤ የሌላው ንጽሕት ናት ይላል፤ ሁለቱም እኩል ያለቅሱ ነበር።

በማግስቱ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለው የክርስቲያኖች መቃብር ቀበርናት። ነፋስ ስለነበር አሸዋው ወደ ጉድጓዱ ራሱ ይመለስ ነበር። አባቴ ሣጥኗን በሁለት መዳፉ ብቻ ነው የተሸከማት። ሕንዳዊው ካህን በቋንቋቸው አጭር ጸሎት ጸለዩ፤ መሪጌታ ከዳዊት ጀመሩና መሐል ላይ ድምፃቸው ተቋረጠ፤ እንደዚያ ያለ ሰው፣ ሙሉውን በቃሉ የሚያውቅ ሰው፣ ቃሉ ጠፋው።

ከዚያ በኋላ ዓርብ ስንሰበሰብ የአዳምን ተረት ጠይቀናቸው ነበር። የኖኅን ተረኩልን። አንድ ቀን ብቻችንን ስንሆን ለምን እንደተዉት ጠየቅኳቸው። «ድሮ ስለሌላ ሰው የማወራ ይመስለኝ ነበር» አሉኝ። «ፈርተው ይዋሻሉ ስላችሁ፣ ስለ እነዚያ ልጆች ነበር የማወራው።» ቀጥዬ የእናቴን ጥያቄ ጠየቅኳቸው፤ እህቴ የት ናት? የንጽሕናን ነገር እንደገና ይነግሩኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ዓይኔን እያዩ «አላውቅም ልጄ» አሉ። «የማውቀው፣ የሚያውቃት እንዳለ ነው።»

ዛሬ ሁለቱንም ትምህርት ከምንጩ አንብቤያለሁ። የላቲኑ አነባበብ ምን እንዳስከተለ፣ የምሥራቁ አባቶች ስለ ሞትና ስለ ፍርሃት የተናገሩትን፣ ምዕራቡም ኋላ የአነጋገሩን ጥንካሬ እንዴት እንዳለዘበ አውቃለሁ፤ ብጠየቅ የመሪጌታን ወገን ይዤ እከራከራለሁ። እናቴ ግን አርጅታለች፤ አልፎ አልፎ፣ ሌላ ነገር ስናወራ ቆይተን፣ ያንኑ ትጠይቀኛለች። የተማርኩትን ሁሉ እነግራታለሁ። በትዕግሥት ሰምታኝ፣ «ጎበዝ፣ ደህና አድርገሽ ተምረሻል» ትለኛለች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞር ትላለች።