የዘጋው ማን ነው

ሸዋ በር አጠገብ ስልክ ስጠግን አንዲት አዛውንት ስልካቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። የመልእክት መላኪያው አፕ ገና ሲከፈት ይዘጋል። ልጃቸው ወታደር ነው፤ ድምፁ ከጠፋ ሦስት ሳምንት ሆኖታል።

«ልጄ አልዘጋኝም፤ ስልኩ ነው የዘጋኝ» አሉ።

መጀመሪያ የስልኩን ማከማቻ አየሁ። ግማሹ ባዶ ነው፤ ሌሎቹም አፖች ደህና ይሠራሉ። አፑ ሰሞኑን አፕዴት አልተደረገም፤ አዲስም አልወጣለትም። የቀረኝ ካሼው ነበር። አፑ ቶሎ ለመከፈት የሚያስቀምጠው ጊዜያዊ ፋይል ሲበላሽ እንዲህ ያደርጋል። «ዳታ አጥፋ» የሚለውን ብነካ የልጁ የቆዩ መልእክቶች ሊጠፉ ስለሚችሉ፣ ተጠንቅቄ ካሼውን ብቻ አጸዳሁ።

ተከፈተ። አልተዘጋም።

«የቀረ መልእክት ካለ አሁን ይገባል፣ እማማ» አልኳቸው፤ ምነው አፌን በቆረጠው። ኔትወርኩ ሙሉ ነበር። ሁለታችንም ስልኩ ላይ አፈጠጥን። የእድራቸው መልእክት ገባ፤ የእህታቸው ገባ። ከዚያ ዝም አለ። የልጁ የመጨረሻ መልእክት ያው የሦስት ሳምንቱ ነው።

ስልኩን ቀስ ብለው ወደ እኔ ገፉት።

«እባክሽ፣ እንደነበረው አድርጊልኝ» አሉ። «ይዘጋ።»