ሽቦዎቹን ያላየ ፊልም

መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰክቼ ቤቱን ሁሉ ስፈልገው የምውል ሰው ነኝ። እንዲህ ያለው ሰው በጉብዝናው ጊዜ ብረት ውስጥ የተደበቀ ጉድለት እያየ ደሞዝ ይበላ ነበር ስላቸው የልጅ ልጆቼ አያምኑኝም። እውነታቸውን ነው፤ የሚከተለውን ታሪክ ስታነቡ እናንተም ትጠራጠራላችሁ።

ሁለት ብረት በብየዳ ሲጋጠም ከላይ ያማረው ከውስጡ ባዶ ሊሆን ይችላል። የእኔ ሥራ ይህን ማጣራት ነበር። በአንድ ወገን ጨረር የምትረጭ ፍሬ አቆማለሁ፣ በሌላው ወገን ፊልም አስራለሁ። ጨረሩ ብረቱን አልፎ ፊልሙን ያጠቁረዋል፤ ብረቱ በጎደለበት ቦታ ደግሞ ይበልጥ ያጠቁረዋል። ሐኪም ሳንባ እንደሚያነሳው ማለት ነው፤ ልዩነቱ የእኔ በሽተኞች አለማሳላቸው ነው።

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ ሰቆጣ የተላክሁት ለውሃ ነው። ውሃው የሚገኘው ከገደል ማዶ ስለሆነ፣ ቧንቧው ገደሉን ቁልቁል ወርዶ በከተማው በኩል ይወጣል፤ ውሃው በራሱ ግፊት ይከተለዋል። ከገደሉ ሥር ግፊቱ ስለሚበረታ እዚያ የተመረጠው ቧንቧ ግድግዳው አሥር ሚሊሜትር ነበር። እዚያ ላይ የከፋ ብየዳ ከተገኘ አንድ ቀን ይፈነዳል፣ ከተማውም ይደርቃል።

በያጁ የዚያው የሰቆጣ ልጅ፣ ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋ፣ ከካህናት ቤት ወጥቶ አስመራ ሄዶ ሙያ የተማረ ሰው ነበር። መሐንዲሱ፣ አማርኛውን ከትግርኛ እየቀላቀለ የሚናገር ጣሊያናዊ፣ በአገር ልጅ እጅ ብዙም አልተማመነም። የመጀመሪያዎቹ አሥር መጋጠሚያዎች በፊልም ከተመሰከረላቸው መስመሩ ሁሉ ያንተ ነው፤ ካልሆነ ሌላ በያጅ አስመጣለሁ ብሎት ነበር። እንግዲህ የሰውዬው እንጀራና ስም በእኔ ፊልም ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው። እኔም ይህን እያወቅሁ ነው የተሳሳትሁት።

ደሴ ከነበረው መጋዘን ሁለት ፍሬ ቀረበልኝ፤ ኢሪድየምና ኮባልት። ኢሪድየሟ በሰባ አራት ቀን ጉልበቷ በግማሽ ይቀንሳል። ከፋብሪካ ከወጣች አምስት ወር ሊሞላት ምንም ስላልቀራት፣ ግማሹ እንደገና ለግማሽ ተከፍሎ ሩብ ጉልበት ብቻ ቀርቷታል። ስለዚህ አዲስ ሳለች ሦስት ደቂቃ ይበቃት የነበረው አሁን አሥራ ሁለት ደቂቃ ይፈልጋል፤ ከዚያም በኋላ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተጨመረ መታሰብ አለበት። ኮባልቱ ግን ግማሹ የሚያልቀው ከአምስት ዓመት በኋላ ስለሆነ አንድ ጊዜ አስልቶ መተኛት ነው።

እኔ ደግሞ በሂሳብ ሰነፍ ነበርሁ።

ሌላም ምክንያት ነበረኝ፤ ያኔ ለማንም አልነገርሁም። የኢሪድየሟ መያዣ ሃያ ኪሎ ያህል ስለሆነ አንድ ሰው አንጠልጥሏት ይሄዳል። የኮባልቱ ጨረር ግን እጅግ ብርቱ በመሆኑ የሚያግደው የእርሳስ ድስት ሦስት ኩንታል ይመዝናል። ሦስት ኩንታል አስጭኖ አገር የሚገባ ሰው ታላቅ ሰው ይመስላል። ያስተማሩኝ ሰው ከአራት ሳንቲሜትር ለሚቀጥን ብረት ኮባልት አታውጣ ብለውኝ ነበር፤ ጨረሩ ጨርሶ ባያልፍ ነው የሚያሳፍረው፣ ቢበዛ ምን ይጎዳል ብዬ ራሴን አሳምኜ ኮባልቱን አስጫንሁ።

ድስቱ እስከ ሰቆጣ በጭነት መኪና መጣ። ከዚያ እስከ ገደሉ ሥር የእግር መንገድ ነው። ከድስቱ ከሚያፈተልከው ጥቂት ጨረር ለመራቅ ምሰሶዎቹን አስረዝሜ ድስቱን መሀል ላይ አሰርሁት፤ ተሸካሚዎቹ ቶሎ ቶሎ እንዲቀያየሩም አዘዝሁ። መቀያየሩ አልቸገረኝም፤ በዚያ አገር ቃሬዛ ያገኘ መንገደኛ ትከሻውን ሳያቀብል አያልፍም። ቃሬዛ መስሏቸው ገበያተኞች ሁሉ እየገቡበት፣ ባርኔጣቸውን እያወለቁ፣ ማን ነው እያሉ በሹክሹክታ ይጠይቃሉ። ተሸካሚዎቹ በኽምጣንጋ ያንጎራጉራሉ፤ እኔ ቋንቋውን ስለማላውቅ ያወድሱኛል ብዬ ደረቴን ነፍቼ ከኋላ እከተላለሁ። በያጁ በኋላ ሲተረጉምልኝ፣ ግጥሙ ስለ አንድ ከሲታ ሰውዬ ኖሯል፤ ድስቱ ሰውዬውን ይዞት መጣ የሚል።

ገደሉ አፋፍ ስንደርስ የበያጁ እናት ቃሬዛውን አዩት። ከሥራው ቦታ በኩል የሚታይ ቃሬዛ ልጃቸውን እንጂ ማንን ይይዛል? ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ሙሾ አወረዱ። ልጃቸው ከታች እየሮጠ መጥቶ እስኪያቅፋቸው ድረስ ማስቆም አልተቻለም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ለድስት ነው ያስለቀስኸኝ?» አሉ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ» አልሁ።

«ይቅር እላለሁ። ግን እንባዬን የሚያህል ነገር ካልሠራህበት፣ ተሸክመህ ትመልሰዋለህ።»

ለኮባልቱ ስል ግማሽ ገደል አስለቅቄ፣ ገመድ ዘርግቼ፣ ፍየል እንኳ እንዳይገባ ዘበኛ አቁሜ አሥሩንም መጋጠሚያ አነሳሁ። ፍሬዋን ከድስቱ የምናወጣውና የምንመልሰው ከሩቅ ሆነን፣ በረጅም የሽቦ ገመድ እየዘወርን ነው፤ መግባቷን በመለኪያ ሳላረጋግጥ ማንም አይጠጋም። ይህን እንኳ በደንብ ሠርቻለሁ፤ ጸጸቴ ሌላ ነው። ፊልሞቹን በብርድ ልብስ ባጨለምሁት የድንጋይ ጎጆ ውስጥ አጥቤ፣ ሲደርቁ ወደ ብርሃን አወጣኋቸው። እንደ ክረምት ሰማይ ደብዝዘው፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ግራጫ ነበሩ።

መሐንዲሱ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ጉድለት አላየሁም አለ፤ ሊፈርምም እስክሪብቶውን አወጣ። እኔም አላየሁም አልሁ። ውሸት አልነበረም፤ ዓይኑን የጨፈነ ሰውም ምንም አላየሁም ቢል አይዋሽም።

በያጁ አንዱን ፊልም ተቀብሎ ወደ ፀሐይ አነሳው። ብየዳው ላይ፣ ፊልሙ ከመነሳቱ በፊት፣ እየቀጠኑ የሚሄዱ ሰባት ሽቦዎች የተደረደሩባት ትንሽ ላስቲክ አስቀምጬ ነበር። ምን እንደሆነች ጠይቆኝ፣ ቀጫጭኖቹ ሽቦዎች ፊልሙ ላይ ከታዩ ፊልሙ ጥሩ ዓይን አለው ማለት ነው ብዬ በኩራት አስረድቼዋለሁ። ምነው ዝም ባልሁ።

«ሽቦዎቹ ሰባት ናቸው አላልኸኝም?»

«ናቸው፣ ጋሼ።»

«እኔ የማየው ሁለት ነው። እነሱም ወፍራሞቹ።»

እኔ ሳል ጀመረኝ። መሐንዲሱ እስክሪብቶውን አየር ላይ ያዘ። በያጁ ድምፁን ሳያነሳ ቀጠለ።

«ሽቦ ካላየ የእኔን ጥፋት በምን ያየዋል? ሰባተኛውን መጋጠሚያ ስበይድ ካፊያ ነበር፤ የብየዳ ዘንጉ እርጥበት ሳይነካው አልቀረም። ልቤ አላረፈም። በዚህ ፊልም አታሳልፉኝ።»

ልብ በሉ፣ ፊርማው ሊያርፍለት ነበር። መስመሩ የእሱ ሊሆን ነበር። መሐንዲሱ በትክክለኛው ፊልም ጉድለት ከተገኘ ምን እንደሚከተል እንዲያስብበት ነገረው። እሱ ግን ውሃው የሚደርሰው እናቱ ደጅ ነው፣ ሲፈነዳ ፊልም አሳሳተኝ ብዬ አላመልጥም ብሎ ድርቅ አለ።

ያኔ ነው እኔም አፌን የከፈትሁት። ጥፋቱ የፍሬዋ ምርጫ መሆኑን አስረዳሁ። ጨረሩ የቧንቧውን ሁለት ግድግዳ አልፎ ነው ፊልሙ ላይ የሚያርፈው፤ በድምሩ ሃያ ሚሊሜትር ብረት ብቻ። የኮባልት ጨረር ጉልበቱ ከአንድ ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት በላይ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለውን ስስ ብረት እንደ ወንፊት ያልፈዋል። ሙሉውም ጎዶሎውም ብረት እኩል ያህል ስለሚያሳልፈው ፊልሙ አይለያቸውም። የኢሪድየሟ ግን በአብዛኛው ከሦስት መቶ እስከ ስድስት መቶ ሺህ ነው። ብረቱ ከጨረሯ በቂውን ያህል ያስቀራል፤ የጎደለበት ቦታ ታዲያ ጠቁሮ ይታያል። መሐንዲሱ ይህን ደሴ ሳለህ አታውቀውም ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አውቀው ነበር አልሁ። ከዚህ የባሰ መልስ በዕድሜዬ ሰጥቼ አላውቅም።

ወደ ደሴ ተመልሼ ኢሪድየሟን አመጣሁ። በዚህኛው ጊዜ ማንም ባርኔጣ አላወለቀልኝም።

አሥራ ሁለቱን ደቂቃ ከአለት ጀርባ ተቀምጠን እንጠብቃለን። በያጁ የእጅ ሰዓቴን አያምንም፤ በልጅነቱ ከተማረው ዜማ አንዱን ዝግ አድርጎ ይላል፣ ሲጨርስም ደቂቃው ሞልቶ ይገኛል። እያንዳንዱን መጋጠሚያ ከሦስት ወገን ስለምናነሳ ሦስት ጊዜ ይላል። እኔም ሳላስበው ግማሹን በቃሌ አጠናሁት፤ ድምፄን የሰሙት ዘበኞች ግን ለፍየሎቹ አዘኑ።

ፊልሞቹ ሲወጡ ሽቦዎቹ እስከ ስድስተኛው ድረስ ጥርት ብለው ታዩ። ዘጠኙ መጋጠሚያ እንደ መስታወት ንጹሕ ነበር። ሰባተኛው ላይ ግን፣ ከብየዳው መሀል፣ እንደ ጤፍ የተረጩ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ነበሩ፤ በእርጥበት የመጣ የአየር ቀዳዳ። በያጁ ፊልሙን አየና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። አዘነ ብዬ ስጠጋው ፈገግ ብሏል።

«አየሃት? ልቤ ሐሰተኛ አልነበረም» አለኝ።

መሐንዲሱ ሰባተኛውን ፊልም ተቀብሎ ወደ ብርሃን አነሳው። ልቤ እንደ በያጁ ልብ የታመነ ባይሆንም ይመታ ነበር። በመጨረሻ፣ መጥፎ የሆነውን ቆርጦ አውጥቶ እንደገና ይበይድ፣ ከዚያም መስመሩን ይቀጥል አለ። ሌላ በያጅ ቢያስመጣ ጥፋቱን ከፊልም በፊት የሚናገር እንደማያገኝ በተቀላቀለ ቋንቋው ሲናገር፣ አማርኛውም ትግርኛውም ገባኝ። በያጁ ዘንጎቹን ከሰል ላይ አድርቆ ሰባተኛውን በዚያው ዕለት ጠገነ፤ በማግስቱ ሳነሳው አንድ ጥቁር ነጥብ አልነበረበትም።

ክረምቱ ሳይገባ መስመሩ አለቀ። እስከዚያ ኢሪድየሟ እንደገና ግማሿን ስላጣች የጥበቃው ጊዜ ወደ ሃያ አራት ደቂቃ ደርሷል፤ በየሳምንቱ ቁጭ ብዬ ማስላት ነበረብኝ፣ ከሂሳብ የሸሸሁትን ያህል ሂሳብ አስከፈለኝ።

ውሃው የተለቀቀ ቀን የከተማው ሰው ሁሉ ከላይ፣ ከቧንቧው አፍ ዘንድ ተሰብስቦ ነበር። በያጁ ግን ከገደሉ ሥር ቀረ። መዳፉን ሰባተኛው መጋጠሚያ ላይ አድርጎ ቆመ። እኔም አብሬው ቀረሁ፤ ለወዳጅነት ብዬ ነው እላለሁ፣ የቆምሁት ግን ከጀርባው ነበር፣ ከፈነዳ መጀመሪያ እሱን እንዲያገኘው። ብረቱ ውስጥ ጉርምርምታ መጣ። አየሩ ተገፍቶ አለፈ፣ ቧንቧው ቀዝቀዝ አለ፣ በብርዱም ላብ መሰል ጠል ከላዩ ብቅ ብቅ አለ። ጠብታ ግን የለም።

ከላይ እልልታ ተሰማ።

በያጁ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገና «ደረሰላት» አለ። ማን ዘንድ ብዬ አልጠየቅሁትም።